የኮምፒውተር ክፍሉ ግዥ፦ ቫትና ዊዝሆልዲንግ በጀቱ ውስጥ የት ይግቡ?

ጥቅምት 2016፣ የመጀመሪያው ሳምንት

አርባ ምንጭ ላለ አንድ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍል ልናቋቁም ነው። ገንዘቡን የሚሸፍኑት ዋሽንግተን ያሉ የቀድሞ ተማሪዎች ናቸው። ግዥውን የሚፈጽመው ደግሞ እዚህ አዲስ አበባ ያለው ማኅበራችን ሲሆን፣ ሒሳቡን የምይዘው እኔ ነኝ። ከላይ የተሰጠን ጣሪያ 980,000 ብር ነው። ከዚያ ካለፍን ሌላ ገንዘብ የለም። ስለዚህ በጀቱ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ገንዘቡ በእርግጥ ከባንክ ሲወጣ የሚወጣው ቁጥር መሆን አለበት።

ከትምህርት ቤቱ ኮሚቴ የመጣልኝን ረቂቅ ዛሬ አየሁት። 12 ኮምፒውተር፣ አንዱ 48,000 ብር፣ ድምር 576,000። ከሥሩ «ተቀናሽ ግብር 2%» ተብሎ፣ ዊዝሆልዲንጉ ማለት ነው፣ 11,520 ተደምሮበታል። መጨረሻው 587,520። ቫት የሚባል ነገር የለም።

ኮሚቴው ውስጥ ረቂቁን ያዘጋጀውን መምህር ደወልኩለት። «ቫቱን ለመንግሥት የሚከፍለው ሻጩ አይደል እንዴ? ዊዝሆልዲንጉን ግን የምንከፍለው እኛ ነን፣ ስለዚህ እሱን ያዝኩ» አለኝ። ይህን ነገር ብዙ ቦታ ስለምሰማው አልገረመኝም። ሁለቱን ወደ ግብር ቢሮው ይዞ የሚሄደው ማን እንደሆነ ካየን ልክ ነው። ቫቱን ሻጩ ያስገባል፣ ዊዝሆልዲንጉን ገዢው። በጀት ግን የሚጠይቀው ሌላ ነገር ነው። ገንዘቡ ከማን ኪስ ነው የሚወጣው? በዚህ ጥያቄ ስንሄድ ነገሩ ይገለበጣል። ቫቱ የሚወጣው ከገዢው ኪስ ነው፣ በዋጋው ላይ ይጨመራል። ዊዝሆልዲንጉ የሚወጣው ከሻጩ ኪስ ነው፣ ሻጩ ከሚቀበለው ላይ ይቀነሳል። እኛ ከእሱ ገንዘብ ቆንጥረን በስሙ ለመንግሥት እናደርስለታለን፣ እሱም በዓመቱ መጨረሻ ከትርፍ ግብሩ ላይ ያቻችለዋል።

ትክክለኛው ስሌት እንዲህ ነው። 576,000 ላይ 15 በመቶ ቫት 86,400 ነው። ድምሩ 662,400። በጀቱ ላይ የሚጻፈው ይኸው ነው፣ ሌላ የሚጨመር የለም። ክፍያው ሲደርስ ከ576,000 ላይ 2 በመቶ፣ 11,520 እናስቀርና ለሻጩ 650,880 እንከፍላለን። 11,520ውን ለግብር ቢሮ። ሁለቱ ሲደመሩ ያው 662,400።

ረቂቁና ትክክለኛው በ74,880 ብር ይለያያሉ። አንድ ኮምፒውተር ከነቫቱ 55,200 ነው። በረቂቁ ብንሄድ ኖሮ የመጨረሻው ክፍያ ላይ ስንደርስ ቢያንስ አንድ ኮምፒውተር ትተን መመለሳችን ነበር፣ ያውም ከሌላ መስመር ካሸጋሸግን ነው።

አንድ ነገር ቶሎ ልበልና ልለፍ። ይህ ሁሉ የሚሠራው ማኅበራችን ለቫት ያልተመዘገበ ስለሆነ ነው። የከፈልነውን ቫት መልሰን የምናቀናንስበት ሽያጭ የለንም፣ ስለዚህ ቫቱ ለእኛ ሙሉ በሙሉ ወጪ ነው። ለቫት የተመዘገበ ነጋዴ ይህንኑ ኮምፒውተር ለሥራው ቢገዛ ወጪው 576,000 ነው፣ 86,400ውን ከሽያጭ ቫቱ ላይ ያቀናንሰዋል። ያም ሆኖ ሻጩ ፊት ሲቆም ቫቱም በእጁ መኖር አለበት።

ጥቅምት፣ ሁለተኛው ሳምንት

ፕሮፎርማዎች መጡ። የኔትወርክና የኤሌክትሪክ ዝርጋታው ላይ ቆም ልበል። አሸናፊው ድርጅት 115,000 ብር ብሎ ከሥሩ በእጅ ጽሑፍ «ቫትን ጨምሮ» ብሏል። የግዥ ሠራተኛችን ከቫት በፊት ያለውን ዋጋ ለማግኘት የ115,000ን 15 በመቶ፣ 17,250ን ቀንሶ 97,750 ጽፏል።

አይሆንም። 15 በመቶው የተጣለው 115,000 ላይ ሳይሆን ከቫት በፊት ባለው ዋጋ ላይ ነው። ቫቱን ከውስጡ ማውጣት የሚቻለው ለ1.15 በማካፈል ብቻ ነው። 115,000 ለ1.15 ሲካፈል 100,000፣ ቫቱ 15,000። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ ያገኘኸውን ዋጋ መልሰህ በ1.15 አባዛው። 97,750 በ1.15 ሲባዛ 112,412.50 ይመጣል፣ ፕሮፎርማው ላይ ያለው ግን 115,000 ነው። አልገጠመም ማለት ስሌቱ ተሳስቷል።

«ድምሩ ያው 115,000 ከሆነ ምን ቸገረን?» ሊባል ይችላል። ለበጀቱ ድምር እውነት ነው፣ አይቸግርም። የሚቸግረው ዊዝሆልዲንጉ ላይ ነው፣ ምክንያቱም እሱ የሚሰላው ከቫት በፊት ባለው ዋጋ ነው። ትክክለኛው የ100,000 2 በመቶ፣ 2,000 ብር ነው። ድርጅቱ 113,000 በእጁ ይገባል። ከ97,750 ላይ ብናሰላ 1,955 እናስቀራለን፣ 45 ብር ይጎድላል። ሌላው የሚታየው ደግሞ ከነቫቱ ከ115,000 ላይ 2 በመቶ መቁረጥ ነው፣ 2,300 ይሆናል። በዚህ ጊዜ ሻጩ 300 ብር ያለአግባብ ተቀንሶበታል። ቁጥሩ ትንሽ ነው፣ ግን ብልህ ሻጭ ይህን አይቶ ዝም አይልም። ካላስቀረን ደግሞ ግብር ቢሮው የሚጠይቀው ሻጩን ሳይሆን እኛን ነው። ሳይቀነስ የቀረው ገንዘብ ከማኅበሩ ይወጣል፣ ያኔ ዊዝሆልዲንግ በእርግጥም ወጪ ይሆናል።

ስለዚህ ለሁሉም አቅራቢ አንድ ዓይነት ጥያቄ በጽሑፍ ላክሁ። ዋጋ ከቫት በፊት፣ ቫት፣ ጠቅላላ ድምር፣ ለየብቻ ይጻፍ። የቫት ምዝገባ ሰርተፍኬትና የቲን ኮፒ ይያያዝ። ቫት የሚያስከፍለን ሰው መመዝገቡን ሳናይ 15 በመቶ አንጨምርለትም።

ጥቅምት መጨረሻ

ጠረጴዛና ወንበር። አርባ ምንጭ ያለ የእንጨት ሥራ ቤት ነው የሚሠራው። 96,000 ብር ብሏል። ለቫት አልተመዘገበም፣ የተርን ኦቨር ታክስ ከፋይ ነው። ዕቃ ላይ 2 በመቶ። በበጀቱ 96,000 ሲደመር 1,920፣ 97,920 ብዬ አስገባሁ።

እዚህ ጋ ዓይን የሚያታልል ነገር አለ። ተርን ኦቨር ታክሱ 2 በመቶ ነው፣ ዊዝሆልዲንጉም 2 በመቶ ነው። ስለዚህ 1,920 ሁለት ጊዜ ይመጣል፣ አንዱ ተጨምሮ አንዱ ተቀንሶ። አናጺው በእጁ የሚገባው ልክ 96,000 ይሆናል። የግዥ ሠራተኛችን ይህን አይቶ «እንግዲህ ተጣፉ፣ በጀቱ ላይ 96,000 በቂ ነው» አለኝ። አልተጣፉም። አንዱ አናጺው ከእኛ ተቀብሎ ራሱ የሚያስገባው ነው፣ ሌላው እኛ ከእሱ አስቀርተን የምናስገባው። 96,000 ለእሱ፣ 1,920 ለግብር ቢሮ፤ ከእኛ የወጣው 97,920 ነው። በጀቱ ላይ 96,000 ቢጻፍ ኖሮ ለግብር ቢሮ የሚከፈለው 1,920 ከየት ይመጣል?

ከዚሁ ጋር አንድ ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ጠረጴዛው ለብቻ፣ ወንበሩ ለብቻ፣ በትንንሽ ደረሰኝ እየተከፋፈለ ከ10,000 በታች ይሁን፣ ዊዝሆልዲንግ እንዳይቆረጥበት። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 አንቀጽ 92 መሠረት ለዕቃ ከ10,000 ብር፣ ለአገልግሎት ከ3,000 ብር በላይ ሲሆን ነው የሚቀነሰው። ግን አዋጁ የሚለው በአንድ ግብይት ወይም በአንድ የአቅርቦት ውል ነው። እኛ ከአናጺው ጋር ያለን አንድ ውል ነው። ደረሰኙን አሥር ቦታ ብንቆራርጠው ውሉ አንድ መሆኑ አይቀርም። አልተቀበልኩትም።

ኅዳር 2016

ይህ ሳምንት የጭነቱ ነበር። ኮምፒውተሮቹና እዚህ የተሰበሰቡት መጻሕፍት በአንድ አይሱዙ ይሄዳሉ። የመኪናው ባለቤት ሽማግሌ ናቸው፣ ሥራቸውን የሚያውቁ። ቢሮ መጡ፣ ተቀመጡ፣ ዋጋ ተነጋገርን። «ልጄ፣ እኔ የወረቀቱን ጣጣ አላውቅም። ሠላሳ ሺህ በእጄ። ከዚያ የሚቆረጥ ነገር ካለ እናንተ ታውቃላችሁ።»

«በእጄ» የተባለ ጊዜ በጀቱ ይለወጣል። እስካሁን ያየነው ዊዝሆልዲንግ በጀት አይነካም፤ ሻጩ ዋጋውን ሲናገር እንደሚቀነስበት አውቆ ነው። እዚህ ግን ባለመኪናው የሚፈልጉት ከተቀነሰ በኋላ 30,000 ነው። እሺ ካልን ልዩነቱን የምንሸፍነው እኛ ነን፣ ስለዚህ በጀት ውስጥ ይገባል።

ብዙ ሰው እዚህ ጋ 30,000 ላይ 2 በመቶ፣ 600 ይጨምርና 30,600 ይላል። ከ30,600 ላይ 2 በመቶ ስትቆርጥ ግን 612 ነው፣ የሚቀረው 29,988። 12 ብር ጎደለ። ትክክለኛው ለ0.98 ማካፈል ነው፤ 30,612.24። ከዚህ ላይ 612.24 ይቀነሳል፣ 30,000 ድፍኑን ይቀበላሉ። ትራንስፖርት በቫት አዋጅ ቁጥር 285/1994 ነፃ ከሆኑት ውስጥ ስለሆነ ቫት አይጨመርበትም።

ውሉ ላይ 30,000 ሳይሆን 30,612.24 ነው የተጻፈው። ይህን አስረዳኋቸው፣ ምክንያቱም ደረሰኝ የሚቆርጡት በዚሁ መጠን ነው። ውሉ 30,000 ብሎ እኛ ደግሞ 30,000 በእጃቸው ሰጥተን 612.24 ለግብር ብንከፍል፣ ለኦዲተር ከውሉ በላይ የከፈልን ነው የምንመስለው።

ከዚያ ቲን ጠየቅኋቸው። «የኔ አለ፣ ግን ገንዘቡን የሚቀበለው ሾፌሩ ነው፣ በሱ ስም አድርጉት» አሉ። ሾፌሩ ቲን የለውም። እዚህ ጋ ሁለታችንም ቁጭ ብለን ካልኩሌተር አነሳን። ቲን ያላቀረበ ሰው ላይ የሚቀነሰው 2 ሳይሆን 30 በመቶ ነው። 30,000 በእጁ እንዲገባ ከተፈለገ ውሉ 30,000 ለ0.7 ሲካፈል የሚወጣው መሆን አለበት፤ 42,857.14። 12,857.14 ብር ለግብር፣ ለአንድ ወረቀት ሲባል። ሽማግሌው ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አስደገሙኝና «በል በኔ ስም ጻፈው፣ ለልጁ እኔ እሰጠዋለሁ» አሉ። ውሉም፣ ደረሰኙም፣ ክፍያውም በእሳቸው ስምና በእሳቸው ቲን ሆነ።

ከዚህ በኋላ የቲን ኮፒ ዋጋ ከመወዳደሩ በፊት እንዲቀርብ አድርጌያለሁ። ዋጋ ከጸደቀ በኋላ ቲን የለኝም የሚል ሰው ከመጣ በጀቱን እንደገና መክፈት ነው።

ታኅሣሥ 2016

የመምህራኑ ሥልጠና፣ ሆቴል ውስጥ። 25 ሰው፣ ለ3 ቀን፣ በቀን በነፍስ ወከፍ 600 ብር «ፕላስ ፕላስ»። ይህ የሆቴሎች አነጋገር ነው፤ 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅና 15 በመቶ ቫት ይጨመርበታል ማለት ነው። የመጣው ግምት 25 በመቶ ጨምሮ 56,250 ብሎ ነበር።

ሁለቱ አብረው 25 አይሆኑም፣ ቫቱ የሚጣለው ከሰርቪስ ቻርጁ ጋር ነው። 25 በ3 በ600፣ 45,000። ሰርቪስ ቻርጅ 4,500፣ ድምር 49,500። በዚህ ላይ ቫት 7,425። ጠቅላላ 56,925። ባጭሩ በ1.265 ማባዛት ነው። ልዩነቱ 675 ብር ነው። የአንድ ሰው የአንድ ቀን ምሳና ሻይ ገደማ ማለት ነው። ዊዝሆልዲንጉን ከ49,500 ላይ አሰላሁት፣ 990።

ሙሉው በጀት እንዲህ ሆነ፦ ኮምፒውተር 662,400፣ ጠረጴዛና ወንበር 97,920፣ ዝርጋታ 115,000፣ ጭነት 30,612.24፣ ሥልጠና 56,925። ድምር 962,857.24። ከ980,000 ላይ 17,142.76 ይተርፋል።

ኤክሴሉን የሠራሁት የግብር ምጣኔዎቹን ከላይ ለብቻ አስቀምጬ ነው። H1 ላይ 0.15፣ H2 ላይ 0.02። ማንኛውም ቀመር ውስጥ 15 ወይም 2 ተብሎ በቀጥታ አልተጻፈም። የላይኞቹ ሦስቱ ቫት ላለበት መስመር ናቸው፣ B ከቫት በፊት ያለው ዋጋ ነው። በመጨረሻው ላይ ግን B በእጅ እንዲገባ የተፈለገው ገንዘብ ነው፦

```
በጀት:          =B2*(1+$H$1)
ተቀናሽ:         =B2*$H$2
ለሻጩ የሚከፈል:   =B2*(1+$H$1)-B2*$H$2
«በእጄ» ከተባለ:   =B2/(1-$H$2)
```

«ተቀናሽ» የሚለው ዓምድ ከበጀቱ ድምር ውስጥ አይገባም። ጎን ለጎን ነው የሚቆመው፣ ምን ያህሉ ወደ ግብር ቢሮ እንደሚሄድ እንዲታይ። በዚህ ፕሮጀክት 17,042.24 ብር ነው፣ ከ962,857.24 ውስጥ፣ ከዚያ ውጭ አይደለም።

ጥር 2016

ከፍለን ጨረስን። አንድ ያልጠበቅሁት ጥያቄ ከዋሽንግተን መጣ። ገንዘብ ያዡ የባንክ ማስረጃዎቹን አይተው «ውሉ 662,400 ይላል፣ ለሻጩ የገባው 650,880 ነው። 11,520ው የት ሄደ?» ብለው ጻፉ። ተገቢ ጥያቄ ነው። እዚያ አገር ዕቃ ስትገዛ ሻጩ ላይ ግብር አስቀርተህ ለመንግሥት አትልክም፣ ስለዚህ ነገሩ ለእሳቸው እንግዳ ነው።

ለእያንዳንዱ ክፍያ ሦስት ወረቀት አንድ ላይ አያይዤ ላክሁላቸው። የሻጩ ደረሰኝ፣ 662,400። ለሻጩ የቆረጥንለት የተቀናሽ ግብር ደረሰኝ፣ 11,520። ለግብር ቢሮ ያስገባንበት ማስረጃ። የተቀናሹ ደረሰኝ ተከታታይ ቁጥር ያለው ነው፣ ሻጩም ያለ እሱ ግብሩን ማቻቻል አይችልም። ብዙ ቦታ ይህን ደረሰኝ ሳይሰጡ ይቀሩና ሻጩ ለወራት ሲመላለስ ታየዋለህ። ያስቀረነውን ገንዘብ ደግሞ ክፍያው ከተፈጸመበት ወር ማብቂያ በኋላ ባሉት 30 ቀናት ማስገባት አለብን። በመሀል ማኅበሩ ሒሳብ ውስጥ ቁጭ ስላለ ትርፍ ይመስላል። ለዚህ ነው በወሩ መጨረሻ «ባንክ ያለን» ከሚለው ላይ ተቀናሹን አውጥቼ የማየው።

ሐምሌ 2017፣ ተጨማሪ

አሁን ለሁለተኛው ትምህርት ቤት በጀት ልሠራ ይህንኑ ፋይል ከፈትሁ። የገቢ ግብር ማሻሻያው፣ አዋጅ ቁጥር 1395/2017፣ ተቀናሹን ከ2 ወደ 3 በመቶ አሳድጎታል። መነሻውም ለዕቃ 20,000፣ ለአገልግሎት 10,000 ብር ሆኗል። H2ን 0.03 አደረግሁት።

የአምናውን ዝርዝር እንዳለ ትቼ ቁጥሩ ምን እንደሚሆን አየሁ። ተቀናሹ ከ17,042.24 ወደ 25,572.84 ሄደ። የበጀቱ ድምር ግን የተለወጠው በ315.60 ብር ብቻ ነው። የኮምፒውተሩ፣ የአናጺው፣ የዝርጋታው፣ የሆቴሉ መስመር ንቅንቅ አላለም፣ ጭማሪው የሚነሳው ከሻጮቹ ድርሻ ላይ ነውና። የተነቃነቀው «በእጄ» የተባለው ጭነት ብቻ ነው፤ 30,000 ለ0.97፣ 30,927.84።

ቫቱ 15 በመቶ እንደሆነ ነው፣ ሕጉ ግን በአዋጅ ቁጥር 1341/2016 ተተክቷል፣ ነፃ የሆኑት ዝርዝርም ተነካክቷል። ስለዚህ ጭነቱንና የአናጺውን መስመር ከአምናው ፋይል አልገለበጥኋቸውም። ሁለቱን ባዶ ትቼ አዲስ ፕሮፎርማ ጠይቄያለሁ፣ ዋጋ፣ ታክስና ድምር ለየብቻ ተጽፎ፣ የቲን ኮፒ ተያይዞ።